ትርፉ ቃል ካለቀ በኋላ ምን ይቆረጣል?

«የደም ግፊታቸውን በቤት ለሚለኩ ሕሙማን መመሪያ ጻፍኩ፤ 1,800 ቃል ሆነ። ከ1,100 መብለጥ የለበትም። አንድ ዙር አሳጥሬ 1,450 አደረስኩት፤ ጽሑፉም በጣም ተሻሻለ። በዚያው መንገድ ሁለተኛ ዙር ብሄድበት ግን 60 ቃል ብቻ ወጣልኝ። ያነበበችው ባልደረባዬ ደግሞ አሁን ከበፊቱ ይልቅ ለማንበብ ይከብዳል አለችኝ። ሌላ ምን ልቁረጥ?»

በሁለተኛው ዙር ያወጧቸውን 60 ቃላት ወደ ቦታቸው ይመልሱና ከ1,450 እንደገና ይነሱ። ባልደረባዎ የሰጡዎት አስተያየት ሊታለፍ የማይገባ ምልክት ነው። ጽሑፍ እያጠረ ሲሄድ ለማንበብ ከከበደ፣ የወጣው ትርፉ ሳይሆን ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዘው ነው። ከዚያ በኋላ ቃላቱን ለጊዜው ይተዉአቸው። የሚፈልጓቸው 350 ቃላት በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተበትነው አይገኙም። ተሰብስበው የተቀመጡት በጥቂት አንቀጾች ውስጥ ነው፤ የሚወጡትም አንቀጹ እንዳለ ሲነሳ ነው።

ምክንያቱን ለማየት የመጀመሪያው ዙር ምን እንደሠራ መመልከት ይበጃል። በዚያ ዙር እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየያዙ «ይህ ቃል ባይኖር ዓረፍተ ነገሩ ይጎድላል?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በአማርኛ መመሪያዎችና ሪፖርቶች ላይ ደግሞ ብዙ ምርት ይሰጣል። አጻጻፋችን ትርፍ የሚያከማችባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። «እንደሚታወቀው» ብሎ መነሳት አንዱ ነው። አንድ ዓይነት ትርጉም ያላቸውን ሁለት ቅጽሎች አጣምሮ መደርደር ሌላው ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን አንዱን ግስ ሰብሮ «የመለካት ተግባር ማከናወን» ወደሚል ሐረግ መለወጥ ነው። የሚከተለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ረቂቅዎ ላይ ሳይኖር አይቀርም፦

«እንደሚታወቀው የደም ግፊትን በቤት ውስጥ በመለካት ሂደት ውስጥ ትክክለኛና አስተማማኝ የሆነ ውጤት ለማግኘት እንዲቻል ከመለካቱ በፊት ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጊዜ ጸጥ ብሎ የመቀመጥ ተግባር መከናወን ይኖርበታል።»

ይህ 27 ቃል ነው። ጥሩ የመጀመሪያ ዙር እንዲህ ያደርገዋል፦

«የደም ግፊትን በቤት ስንለካ ትክክለኛ ውጤት ለማግኘት ከመለካታችን በፊት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብለን መቀመጥ አለብን።»

አሁን 16 ቃል ሆነ። አሥራ አንድ ቃል ወጥቶ የጠፋ ነገር የለም፤ እንዲያውም ዓረፍተ ነገሩ ቀና ብሎ ቆመ። «ደስ የሚል ሥራ» የሚያሰኘው ይህ ነው፤ እየቀነሱ ጽሑፉ ይጠራል። ችግሩ የሚመጣው ይህን ደስታ በሁለተኛው ዙርም ለማግኘት ስንሞክር ነው። ያንኑ ጥያቄ ይዘን በዚሁ ዓረፍተ ነገር ላይ ስንመለስ የሚደርስበት ይህ ነው፦

«ትክክለኛ ውጤት ለማግኘት አምስት ደቂቃ ጸጥ ብለን እንቀመጥ።»

ስምንት ቃል። በቁጥር ሲታይ በግማሽ አጥሯል። ሁለት ነገሮች ግን አብረው ሄደዋል። «ቢያንስ» ስለወጣ አምስት ደቂቃ ዝቅተኛው መጠን መሆኑ ቀርቶ ልክ የተወሰነ ጊዜ መሰለ። «ከመለካታችን በፊት» ስለወጣ ደግሞ የምንቀመጠው መቼ እንደሆነ አይታወቅም፤ መሣሪያውን አብርቶ አምስት ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው መመሪያውን በትክክል ፈጽሟል ማለት ይቻላል። ጸሐፊው ይህን ጉድለት አያየውም። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ስለሚያስታውስ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ያነባል። ባልደረባዎ ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሐፊው ስለማያስታውሱ ጉድለቱን ራሳቸው ሊሞሉት ተገደዱ፤ የከበዳቸውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በመመሪያዎ መጨረሻ አካባቢ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ፦ «አንድ ጊዜ የታየ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን የደም ግፊት በሽታ አለ ማለት አይደለም፤ በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ከታየ ግን ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።» ቃል ለመቀነስ የቸኮለ እጅ እዚህ ላይ «አንድ ጊዜ የታየ» እና «ብቻውን» የሚሉትን ቀድሞ ያነሳቸዋል፤ ትናንሽ ስለሆኑና ሰዋስዉ ያለ እነሱም ስለሚቆም። የሚቀረው «ከፍ ያለ ቁጥር የደም ግፊት በሽታ አለ ማለት አይደለም» የሚል ነው። ይህ ደግሞ ስሕተት ነው፤ በሕመምተኛ እጅ ሲገባ አደገኛ ስሕተት ነው። ከመጀመሪያው ዙር የተረፉት ትናንሽ ቃላት በአብዛኛው እንደዚህ ያሉ ናቸው። «ብቻ»፣ «ቢያንስ»፣ «ብዙውን ጊዜ»፣ «ከዚያ በኋላ»፣ «ግን»፣ «ስለዚህ» የመሳሰሉት መጠንን፣ ቅደም ተከተልንና ምክንያትን የተሸከሙ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ያልወጡት ስለተረሱ ሳይሆን ሥራ ስላላቸው ነው።

ሌላው የሁለተኛ ዙር ወጥመድ ዓረፍተ ነገሮችን ማዋሐድ ነው። አማርኛ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ በ«ጠምጥሞ፣ ተደግፎ፣ አሳርፎ» እየቀጠሉ አምስት ትእዛዛትን በአንድ ማሰሪያ ግስ መዝጋት ይቻላል። «የመለኪያውን ጨርቅ እርቃን ክንድ ላይ ጠምጥሞ፣ ጀርባን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ ሁለቱንም እግር መሬት ላይ አሳርፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይናገሩ መለካት ያስፈልጋል።» አምስት ጊዜ ይደገም የነበረው «ያስፈልጋል» አንድ ጊዜ ብቻ ስለቀረ አራት ቃል ተረፈ። አንባቢው ግን ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጨርቁን እየጠመጠመ ነው። ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን ባነሳ ቁጥር የት እንደደረሰ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ማሰሪያው ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሆነ እስኪያልቅ ድረስ ምን እንደታዘዘ እርግጠኛ አይሆንም። በቃል ቆጠራ የተገኘው ትርፍ በንባብ ጊዜ ላይ ተመልሶ ይከፈላል።

የቃል ቅነሳው ማለቁን የሚያሳይ ምልክት አለ። ማውጣት ትተው መተካት ከጀመሩ፣ ማለትም ረጅሙን ቃል በአጭር ቃል፣ ሁለቱን በአንድ እየለወጡ ከሆነ፣ ትርፉ አልቋል። ጠዋት ያወጡትን ማታ ሲያነቡ መልሰው ካስገቡትም እንዲሁ። የእርስዎ ሁለተኛ ዙር ከመጀመሪያው ዙር አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ መስጠቱ በራሱ ይህንኑ ይናገራል።

ታዲያ የመጀመሪያው ዙር ትርፍ አንቀጾቹን ለምን አላያቸውም? ጥያቄው ወደ እነሱ ስላልደረሰ ነው። ዓረፍተ ነገርን በዓረፍተ ነገር እያየን ስንሄድ እያንዳንዱ የሚለካው ከጎረቤቱ ጋር ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ያሉት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው ከተደጋገፉ ሁሉም ያልፋሉ፤ አንቀጹ ራሱ ለመመሪያው ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ማንም አልጠየቀም። እንዲያውም የመጀመሪያው ዙር አላስፈላጊውን አንቀጽ ይጠብቀዋል። ከማሳጠሩ በፊት የተንዛዛና የሚያሰለች ስለነበር ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር፤ ከታረመ በኋላ ግን ጥርት ብሎ፣ ልክ ሆኖ፣ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣል። ደክመን ያሳመርነውን ነገር ደግሞ ማውጣት አንወድም። አንድ ጊዜ ተፈትሾ ያለፈ ጽሑፍ የተፈቀደለት ስለሚመስለን፣ በሁለተኛው ዙር ላይ በዚያው ጥያቄ ስንመጣ ዓይናችን በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጥያቄውን መለወጥ ያስፈልጋል። አሁን የሚጠየቀው «አንባቢው ይህን ነጥብ ባያውቅ ሊሠራ የመጣውን ሥራ መሥራት ያቅተዋል?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በትክክል ለመጠየቅ ጽሑፉን ራሱን ባያነቡት ይሻላል። ባዶ ወረቀት ይውሰዱና ለእያንዳንዱ አንቀጽ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ምን እንደሚሠራ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከጎኑም የቃሉን ብዛት። «ስለ ምን ነው» ብለው አይጻፉ፤ «ምን ይሠራል» ብለው ይጻፉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ስለ ደም ግፊት መለኪያ ታሪክ» የሚለው መግለጫ አንቀጹን አይከስሰውም። «አንባቢው መሣሪያው ከየት እንደመጣ እንዲያውቅ ያደርጋል» የሚለው ግን ወዲያው «ለምን?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል።

ጽሑፍዎን አላየሁትም። ሆኖም እንዲህ ያለ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛቸው ነጥቦች ስለሚታወቁ፣ በ1,450 ቃል የተጻፈ አንድ መመሪያ እናስብና እንሥራው። የደም ግፊት ምን እንደሆነና ሁለቱ ቁጥሮች ምን እንደሚያሳዩ በሚገልጽ አንቀጽ ይጀምራል። ቀጥሎ በ110 ቃል የመለኪያውን ታሪክ ያወሳል፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ማስተዋወቁን፣ ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ መግለጹን፣ ግፊቱ የሚለካውም በመስታወት ቱቦ ውስጥ በምትወጣ የሜርኩሪ ቁመት እንደነበረ ይናገራል። ከዚያ በ130 ቃል የደም ግፊት ካልታከመ በልብ፣ በአንጎልና በኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይዘረዝራል። ተከትለው የመሣሪያው ምርጫ፣ የጨርቁ ልክ፣ ከመለካት በፊት የሚደረገው ዝግጅት፣ አቀማመጡ፣ አለካኩ፣ አመዘጋገቡ፣ የቁጥሮቹ ትርጉም፣ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች ይመጣሉ። በመጨረሻ በ130 ቃል ጨው ስለመቀነስና ስለ አካል እንቅስቃሴ ይመክራል።

አሁን አንባቢውን እናስበው። ሐኪም «ቤትህ እየለካህ መዝግበህ አምጣልኝ» ብሎት ወረቀቱን የተቀበለ ሰው ነው። ሊሠራ የመጣው ሥራ በትክክል መለካትና መመዝገብ፣ አደጋ ሲኖርም ማወቅ ነው። ታሪኩን ባያውቅ የሚያቅተው ነገር የለም፤ 110 ቃል ይወጣል። ስለ ጉዳቱ የሚናገረው አንቀጽ የተጻፈው ሰውየውን እንዲለካ ለማሳመን ነው፤ እሱ ግን አምኖ ወረቀቱን ይዟል፤ 130 ቃል ይወጣል። የጨውና የእንቅስቃሴው አንቀጽ ከባዱ ነው። ምክሩ እውነት ነው፤ ለጤናውም በጣም ይጠቅመዋል። በዚህ ቦታ ብዙ ጸሐፊዎች «ይህን ያህል አስፈላጊ ነገር እንዴት ይወጣል?» ብለው ይቆማሉ። ይሁን እንጂ ለአንባቢው ሕይወት ማስፈለጉና ለዚህ ወረቀት ሥራ ማስፈለጉ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ስለ መለካት በሚናገር ወረቀት ጫፍ ላይ በ130 ቃል የተጨናነቀ የአመጋገብ ምክር የአመጋገብ ለውጥ አያመጣም፤ ራሱን የቻለ ወረቀት ይገባዋል። እሱም ይወጣል። ድምሩ 370 ቃል ነው፤ ጽሑፉ 1,080 ላይ ደረሰ። ከቀሩት ዓረፍተ ነገሮች አንዱም አልተነካም፤ «ቢያንስ»ም «ብቻውን»ም በቦታቸው አሉ።

በዚህ መንገድ የማይነካም አለ። በአስቸኳይ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶችን የያዘው አንቀጽ አጭር ነው፤ አብዛኛው አንባቢም አያስፈልገው ይሆናል። ቁጥሩ ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአካል መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ለገጠመው ሰው ግን ከወረቀቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ «ስንት ሰው ያስፈልገዋል» በሚለው ብቻ አይያዝም፤ «ባይኖር ምን ይደርሳል» የሚለውም አብሮ ይታያል።

አንቀጽ ከተነሳ በኋላ የተነሳበት ቦታ መታከም አለበት። ብዙዎች ይህን ሥራ ይረሱትና ጽሑፉ የተቆረጠ መሆኑ ያስታውቃል። የወጣ አንቀጽ ከራሱ ሥራ ሌላ በጎን ይሠራው የነበረ ነገር ሊኖር ይችላል። በምሳሌያችን የታሪኩ አንቀጽ ሲወጣ የሜርኩሪው ነገር አብሮ ወጥቷል፤ አንባቢው በመሣሪያው መስኮት ላይ የሚያየው mmHg ምን እንደሆነ የተነገረው እዚያ ብቻ ነበር። ስለዚህ በቁጥሮቹ አንቀጽ መግቢያ ላይ «የደም ግፊት የሚለካው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በመሣሪያው ላይ mmHg ተብሎ ይጻፋል» የሚል 12 ቃል ይገባል። 110 ቃል ወጥቶ 12 ቢመለስ መልካም ንግድ ነው። እንዲሁም «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚል ሐረግ ካለ የሚጠቁመው ነገር አሁንም ከላይ መኖሩን ይፈትሹ። «ከታች እንደምንመለከተው ጨው» የሚል ካለ ያ «ታች» የለም። «አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ» ተብሎ ሦስት ብቻ እንዳይቀር፣ «ይህ» እና «እሱ» የሚሉት ቃላት የሚያመለክቱት ስም ከአንቀጹ ጋር እንዳይሄድ ማየት ነው። ኮምፒውተር ላይ «ከላይ»፣ «ከታች»፣ «እንደተገለጸው»፣ «የተጠቀሰው» የሚሉትን አንድ በአንድ እየፈለጉ መሄድ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ አብዛኛውን ስሕተት ይይዛል።

ምናልባት የእርስዎ ጽሑፍ ታሪክም ሆነ የአመጋገብ ምክር የሌለው፣ አንቀጾቹ ሁሉ ስለ መለካት ብቻ የሚናገሩ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ከቃል በላይ፣ ከአንቀጽ በታች ወዳለው ደረጃ ይሂዱ። በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነጥብ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገር ይከተላል፦ ትእዛዙ፣ ምክንያቱ፣ ምሳሌው፣ ማስጠንቀቂያው። ሁሉም ነጥብ አራቱንም አይፈልግም። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ደመ ነፍስ ምክንያቱን ሁሉ አውጥቶ ትእዛዙን ብቻ ማስቀረት ነው፤ በእኔ እምነት ይህ ስሕተት ነው። ምክንያት የሚያስፈልገው አንባቢው ትእዛዙን ችላ ለማለት የሚፈተንበት ቦታ ላይ ነው። «ሳይናገሩ ይለኩ» የሚለውን ማንም ቀለል አድርጎ ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ ማውራት ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርግ መናገሩ ይጠቅማል። ክንዱ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ወደ ታች የተንጠለጠለ ክንድ ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር እንደሚያሳይ ካልተነገረው አንባቢው ክንዱን አንጠልጥሎ መለካቱን አይተውም። «ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ» ለሚለው ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር የሆነ ምክንያት አያሻም፤ ሰው ይህን ሲታዘዝ ለምን አይልም። ምሳሌዎችም ላይ ቢሆን ለአንድ ነጥብ ሁለት ምሳሌ ካለ ደካማውን ያውጡ፤ ሁለተኛው ምሳሌ የሚጠቅመው ከመጀመሪያው የተለየ ሁኔታ ሲያሳይ ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ የሚወጣው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ የቀረው ዓረፍተ ነገር መጠኑንና ማያያዣውን አያጣም።

የነገርኩዎት «መጀመሪያ ቃል፣ ቀጥሎ አንቀጽ» የሚል ደንብ እንዳይመስልዎት። እንዲያውም ከባዶ ለሚጀምር ሰው ተቃራኒውን እመክራለሁ፤ ሊወጣ ያለውን አንቀጽ ማሳመር የባከነ ጊዜ ነው። ዋናው ነገር ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ያልጠየቀውን መጠየቁ ነው። አንድ ሰው በመጀመሪያ ዙር ሙሉ ክፍሎችን አውጥቶ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዙር ሌላ ክፍል ፍለጋ መሆን የለበትም። የቀሩት አንቀጾች የተጻፉት ለረጅሙ ጽሑፍ ነበር፤ ለረጅም ጽሑፍ የሚያስፈልጉ መግቢያዎች፣ የሚመጣውን የሚያስታውቁ ዓረፍተ ነገሮች፣ ያለፈውን የሚያስታውሱ ድግግሞሾች ተሸክመዋል። በ1,100 ቃል ውስጥ አንባቢ ከሁለት ገጽ በፊት ያነበበውን አይረሳም። በዚያ ሰው ጽሑፍ ላይ ብዙ ቃል የሚገኘው በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ነው። በእርስዎ ጽሑፍ ላይ ግን ያ በር አስቀድሞ ተከፍቶ የሚወጣው ወጥቷል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ1,100 በላይ የሚቀር ጊዜ አለ፤ በተለይ እያንዳንዱ ነጥብ ለደኅንነት ሲያስፈልግ። ያን ጊዜ ወደ ቃላቱ አይመለሱ። ቅርጹን መለወጥ ይሞክሩ፤ የቁጥሮቹ ትርጉም በዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ይልቅ በአራት ረድፍ ሠንጠረዥ ቢቀመጥ ቦታውም ያንሳል፣ አንባቢውም ቶሎ ያገኘዋል፤ የአቀማመጡም ነገር በአንድ ሥዕል ሊያልቅ ይችላል። ያም ካልበቃ ልኩን የወሰነውን ሰው አነጋግረው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያድርጉ፦ የቃሉ ብዛት ይጨመር ወይስ ይህ ነጥብ ይቅር? ጥያቄውን ነጥቡን በስሙ ጠርተው ሲያቀርቡት መልስ ያገኛል። «ጽሑፉ አላጠረልኝም» ብለው ከሄዱ ግን «ትንሽ ጠበቅ አድርገው» ይሉዎታል፤ ይህም ወደ 60ዎቹ ቃላት ይመልስዎታል።

ያወጧቸውን አንቀጾች አይደምስሷቸው፤ በሌላ ፋይል ያኑሯቸው። እዚያ እንዳሉ ማወቅ እጅን ያደፋፍራል፤ የአመጋገቡም አንቀጽ ለሌላው ወረቀት መነሻ ይሆናል። ከዚያ አጭሩን ጽሑፍ ከዚህ በፊት ላላነበበው ሰው መሣሪያውን አስይዘው ይስጡትና እያነበበ ይለካ። ባልደረባዎ ረጅሙን ስለሚያውቁት ለዚህ አይሆኑም። አይርዱት፤ የሚያቆምበትንና ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያነብበትን ቦታ ብቻ ምልክት ያድርጉ። የወጡትን አንቀጾች የሚመለከት ጥያቄ ካላነሳ ቅነሳው ተሳክቷል። ቆም ባለበት ቦታ ላይ ግን የጎደለውን «ከዚያ በኋላ» ወይም «ብቻ» ይጨምሩለት፤ በምሳሌያችን ከ1,080 ላይ 12ቱን ለ mmHg ከሰጠን በኋላ ለዚህ የሚሆን ስምንት ቃል አለን።